ሦስት ጠቋሚ፣ አንድ ቢሊዮን ቁጥር

ከ1 እስከ አንድ ቢሊዮን ያሉት ቁጥሮች በተራቸው እየተነሡ ወደ አንድ ተራ የፍለጋ ዛፍ ቢገቡ ዛፉ ዛፍ ሳይመስል ይቀራል። የፍለጋ ዛፍ ሕጉ አንድ ነው፤ ከወላጁ የሚያንስ ቁጥር በግራ፣ የሚበልጥ ደግሞ በቀኝ ይቀመጣል። 1 ቀድሞ ስለመጣ ሥር ይሆናል። 2 በ1 ቀኝ ይንጠለጠላል፣ 3 በ2 ቀኝ፣ 4 በ3 ቀኝ። በግራ በኩል የሚገባ ቁጥር አይመጣም። መጨረሻ ላይ የሚገኘው አንድ ቢሊዮን ደረጃ ያለው፣ አንድም ቅርንጫፍ ያላወጣ ሰንሰለት ነው፤ የታችኛውን ቁጥር ለማግኘትም ከሥሩ ተነሥቶ አንድ ቢሊዮኑን ኖድ አንድ በአንድ ማለፍ ግድ ይላል።

እነዚያኑ ቁጥሮች በዚያው ቅደም ተከተል ኤቪኤል ዛፍ ሲቀበላቸው፣ ማናቸውንም ለማግኘት የሚታለፈው ኖድ ከ42 አይበልጥም። አንዱን ኖድ ማለፍ ግማሽ ሜትር እንደሚሸፍን አንድ የእግር እርምጃ ቢቆጠር፣ በሰንሰለቱ ላይ የሚደረገው ፍለጋ 500,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ እግረኛ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ከ45 ዓመት በላይ የሚወስድ መንገድ ነው። በኤቪኤል ዛፉ ላይ ግን ርቀቱ 21 ሜትር ነው፤ ከቤት በር እስከ ግቢው በር ማለት ነው።

ዛፉን የመገንባቱ ወጪ ከዚህም ይሰፋል። በሰንሰለቱ ላይ እያንዳንዱ አዲስ ቁጥር ቀድመውት የገቡትን ሁሉ አልፎ ነው ቦታውን የሚያገኘው። አንድ ቢሊዮን ቁጥሮች እስኪገቡ ድረስ የሚደረገው ንጽጽር 499,999,999,500,000,000 ይደርሳል። አንዱ ንጽጽር 100 ናኖ ሰከንድ ይፈጃል ቢባል ሥራው 1,584 ዓመት ያህል ይወስዳል። በኤቪኤል ዛፍ ንጽጽሩ ከ42 ቢሊዮን አይዘልም፤ በዚያው ፍጥነት 70 ደቂቃ ነው፤ ለማዞር የሚወጣው ጊዜ ሳይቆጠር። ማዞሩ ራሱ ደግሞ፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው፣ የሚገርም ርካሽ ሥራ ነው።

ይህን ዘዴ የፈለሰፉት ሁለት የሶቪየት የሒሳብ ሊቃውንት ጆርጂ አዴልሰን-ቬልስኪ እና ዬቭጌኒ ላንዲስ ናቸው። በ1962 እ.ኤ.አ. በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ አራት ገጽ ብቻ ነበር። ዛፉም ስሙን ያገኘው ከሁለቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ነው።

አራቱ ገጾች የጨመሩት ሕግም አጭር ነው። የማንኛውም ኖድ የግራ ክፍል ቁመትና የቀኝ ክፍል ቁመት ከ1 በላይ አይለያዩም። ቁመት የሚቆጠረው በደረጃ ነው፤ ልጅ የሌለው ኖድ ቁመቱ 1፣ ባዶ ቦታ ደግሞ 0። ከግራው ቁመት የቀኙ ሲቀነስ የሚገኘው የኖዱ የሚዛን ቁጥር ይባላል፤ የሚፈቀዱትም 1፣ 0 እና -1 ብቻ ናቸው። 2 ወይም -2 በታየበት ቦታ ዛፉ መዞር አለበት።

የመዞሩ ዓይነት አራት ነው። አራቱንም ለማየት ሰባት ቁጥሮች ይበቃሉ፤ እነሱም በዚህ ቅደም ተከተል ሲገቡ 50፣ 30፣ 20፣ 40፣ 45፣ 60፣ 55 ናቸው።

50 ሥር ይሆናል። 30 ያንሳልና በግራው ይቀመጣል። የ50 የሚዛን ቁጥር 1 ነው፤ ይፈቀዳል። 20 ከሁለቱም ስለሚያንስ በ30 ግራ ይገባል። አሁን ቁጥሩ ከገባበት ቦታ ወደ ሥሩ እየወጡ መፈተሽ ይጀመራል። 30 ላይ ልዩነቱ 1 ነው፣ ደኅና ነው። 50 ላይ ግን የግራው ቁመት 2፣ የቀኙ 0 ስለሆነ ልዩነቱ 2 ይሆናል። ከ50 ወደ አዲሱ ቁጥር የሚወስደው መንገድ ግራ ከዚያም ግራ ነው፤ አልታጠፈም። መፍትሔው 50 ላይ ወደ ቀኝ ማዞር ነው። 30 ወደ ላይ ይወጣል፣ 50 ወርዶ የ30 የቀኝ ልጅ ይሆናል፣ 20 በግራ እንዳለ ይቆያል። ሦስት ደረጃ የነበረው ሁለት ሆነ።

40 ሲመጣ ከ30 ይበልጣል፣ ከ50 ያንሳል፤ በ50 ግራ ይቀመጣል። ወደ ላይ ሲፈተሽ 50 ላይ 1፣ 30 ላይ -1 ይገኛል። ማዞር አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚመጣው 45 ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉበት ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። 45 ከ30 ይበልጣል፣ ከ50 ያንሳል፣ ከ40 ይበልጣል፤ ስለዚህ በ40 ቀኝ ይገባል። 40 ላይ -1 ነው። 50 ላይ ግን የግራው ቁመት 2፣ የቀኙ 0፤ ልዩነቱ 2 ሆነ። ቁጥሩ ቅድም 20 ሲገባ ከታየው ጋር አንድ ዓይነት ነው። መንገዱ ግን ይለያል፤ ከ50 ወደ ግራ፣ ከ40 ደግሞ ወደ ቀኝ ይታጠፋል።

እጥፋቱን ሳያዩ እንደ ቅድሙ 50ን ወደ ቀኝ ማዞር ምን እንደሚያመጣ መከተል ይጠቅማል። 40 ወደ ላይ ይወጣል፣ 50 የ40 የቀኝ ልጅ ይሆናል። የ40 የቀኝ ልጅ የነበረው 45 ቦታውን ለ50 ስለለቀቀ ወደ 50 ግራ ይዛወራል። አሁን 40 በግራው ምንም የለውም፤ በቀኙ 50፣ ከ50 በታች 45 አለ። የሚዛን ቁጥሩ 2 የነበረው -2 ሆነ፤ ቁመቱም 3 እንደነበረ 3 ነው። ጉድለቱ ጎን ለወጠ እንጂ አልተነሣም። የተሳሳተ ማዞር የሚታወቀውም በዚሁ ነው፤ ቁጥር ካስገቡ በኋላ የተደረገ ትክክለኛ ማዞር የክፍሉን ቁመት ሁልጊዜ በ1 ይቀንሳል፣ ያልቀነሰ ማዞር ስሕተት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ጊዜ ማዞር ነው። መጀመሪያ 40 ላይ ወደ ግራ ይዞራል፤ 45 ከ40 በላይ ይወጣል፣ መንገዱም 50፣ 45፣ 40 ተብሎ ይቃናል። ከዚያ 50 ላይ ወደ ቀኝ ይዞራል። 45 ከላይ፣ 40 በግራ፣ 50 በቀኝ ሆነው ይቀመጣሉ። ከሦስቱ በመጠን መካከለኛ የሆነው ቁጥር ወላጅ ሆነ። ወደ 30 ሲወጣ በግራ 1፣ በቀኝ 2 ቁመት ይገኛል፤ ልዩነቱ -1 ነው። ማዞሩ ባይደረግ ኖሮ 30 ላይም -2 ይሆን ነበር። ታች ያለው ሲስተካከል ላይኛው ሳይነካ ተስተካከለ፤ ፍተሻው ከታች ወደ ላይ የሚሄደውም፣ የሚዞረውም መጀመሪያ የተገኘው የተዛባ ኖድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

60 ከ30ም፣ ከ45ም፣ ከ50ም ስለሚበልጥ በ50 ቀኝ ይገባል። ዛፉ አሁን ይህን ይመስላል፦

```
    30
   /  \
 20    45
      /  \
    40    50
            \
             60
```

50 ላይ -1፣ 45 ላይ -1፣ 30 ላይ ግን በግራ 1፣ በቀኝ 3፤ ልዩነቱ -2 ነው። ከ30 የሚወርደው መንገድ ቀኝ ከዚያም ቀኝ ስለሆነ አልታጠፈም፤ ስለዚህ 30 ላይ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ማዞር ይበቃል። 45 ሥር ይሆናል፣ 30 ወርዶ የግራ ልጁ ይሆናል። ነገር ግን 45 በግራው 40ን ይዞ ነበር፤ አንድ ኖድ ሁለት የግራ ልጆች ሊኖሩት አይችልም። 40 የሚሄደው ወደ 30 ቀኝ ነው፤ እዚያ ቦታው 45 ሲወጣ ባዶ ቀርቷል። ቅደም ተከተሉም አይፋለስም፤ 40 ከ30 ይበልጣል፣ ከ45 ያንሳል፣ አዲሱ ቦታም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ የተለወጡትን ጠቋሚዎች መቁጠር ያስፈልጋል። ሥሩን የሚያመለክተው ጠቋሚ ከ30 ወደ 45 ዞረ። የ45 የግራ ጠቋሚ ከ40 ወደ 30 ዞረ። የ30 የቀኝ ጠቋሚ ከ45 ወደ 40 ዞረ። ሦስት ናቸው። 20፣ 50 እና 60 በማስታወሻው ውስጥ ከነበሩበት አልተነቃነቁም፤ 40ም ወላጁ ተለወጠ እንጂ እሱ ራሱ አልተነካም። ከ40 በታች ሌላ ሺህ ቁጥር ቢኖር ሺሁም አብረውት ይዛወራሉ፤ ቁጥሩ ግን ሦስት እንደሆነ ይቀራል። በሁለት ጊዜ ማዞር የሚለወጠው ጠቋሚ አምስት ነው፤ እሱም በዛፉ ትልቅነት አይጨምርም።

የቀረው 55 ነው። ከ45 ይበልጣል፣ ከ50 ይበልጣል፣ ከ60 ያንሳል፤ በ60 ግራ ይገባል። 60 ላይ 1፣ 50 ላይ -2። መንገዱ ቀኝ ከዚያም ግራ ታጥፏል፤ የ45ቱ መስታወት ነው። 60 ላይ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ 50 ላይ ወደ ግራ ይዞራል፤ 55 በመካከላቸው ወላጅ ይሆናል።

```
      45
    /    \
  30      55
 /  \    /  \
20  40  50  60
```

ሰባት ቁጥሮች በሦስት ደረጃ፣ አንድም ባዶ ቦታ ሳይቀር። ከሰባቱ ማስገባት አራቱ ማዞር ጠይቀዋል፤ አራቱም የተለያየ ዓይነት ነበሩ። እነዚሁ ቁጥሮች በዚሁ ቅደም ተከተል ያለ ማዞር ቢገቡ ኖሮ ደረጃው አራት ይሆን ነበር። ልዩነቱ አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ በዚህ መጠን የኤቪኤል ዛፍን ድካም ትርፍ ያለው ሰው አይፈረድበትም።

ለኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሰጠው መመሪያ መንገዱን በዓይን አያይም፤ ሁለት የሚዛን ቁጥሮችን ያነጻጽራል። የተዛባው ኖድ 2 ሆኖ የግራ ልጁ 1 ከሆነ ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ልጁ -1 ከሆነ መጀመሪያ ልጁ ላይ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ኖዱ ላይ ወደ ቀኝ። -2 ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ምልክቶቹ ከተስማሙ አንድ ማዞር፣ ካልተስማሙ ሁለት። ወደ ግራ የሚያዞረው ተግባር በፓይተን ይህን ያህል ነው፦

```python
def rotate_left(a):
    b = a.right
    a.right = b.left
    b.left = a
    update(a)
    update(b)
    return b
```

ሁለቱ ጠቋሚዎች በውስጡ ይታያሉ፤ ሦስተኛው የሚለወጠው ተግባሩን የጠራው ክፍል የተመለሰለትን `b` በ`a` ቦታ ሲያስቀምጥ ነው። ይህን መርሳት ከ`b` ጀምሮ ያለውን ግማሽ ዛፍ ያለ ወላጅ ያስቀራል። ሌላው ጥንቃቄ በሁለቱ `update` መካከል ያለው ቅደም ተከተል ነው። ቁመቱ ቀድሞ መታደስ ያለበት የወረደው ኖድ ነው። 60 በገባበት ጊዜ የ30 ቁመት 4 ተብሎ ተመዝግቧል። ከማዞሩ በኋላ 30 ቀድሞ ሲታደስ 2 ይሆናል፣ 45ም 3 ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ 45 የ30ን አሮጌ 4 አንብቦ ራሱን 5 ብሎ ይመዘግባል። ዛፉ ቅርጹ ትክክል ሆኖ ሳለ ቁመቱን በ2 አሳስቶ ይዞ ይቀጥላል፤ በኋላ የሚገቡ ቁጥሮችም ሳያስፈልግ ያዞሩታል። ስሕተቱ ወዲያው አይታይም፤ የሚያጋልጠው የእያንዳንዱን ኖድ ቁመት ከልጆቹ እንደገና አስልቶ ከተመዘገበው ጋር የሚያስተያይ ፍተሻ ነው።

42 ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ሒሳብ ጥያቄውን ገልብጦ ይጀምራል፤ ሕጉ ሳይጣስ አንድ ደረጃ ላይ ለመድረስ ቢያንስ ስንት ኖድ ያስፈልጋል? ለአንድ ደረጃ 1፣ ለሁለት ደረጃ 2። ለሦስት ደረጃ አንደኛው ጎን ሁለት ደረጃ ሊኖረው ይገባል፤ ሌላው ጎን በ1 ሊያንስ ይችላል፣ ከዚያ በላይ ግን አይችልም። ስለዚህ 2 እና 1፣ ከነወላጃቸው 4። እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት የሁለቱ ድምር ሲደመር 1 ነው፤ 7፣ 12፣ 20፣ 33፣ 54፣ 88 እያለ ይሄዳል። መጀመሪያ ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው። በ28ኛው ደረጃ 832,039፣ በ29ኛው 1,346,268 ይደርሳል። አንድ ሚሊዮን ቁጥር ያለው ዛፍ ታዲያ 29ኛ ደረጃ ሊኖረው አይችልም፤ የሚያቆመው ኖድ ይጎድለዋል። በ42ኛው ደረጃ የሚያስፈልገው 701,408,732 ሲሆን በ43ኛው 1,134,903,169 ነው። አንድ ቢሊዮን በሁለቱ መካከል ይወድቃል፤ 42 የመጨረሻው ነው። አንድ ቢሊዮን ቁጥር ፍጹም ተመጣጥኖ ቢደረደርም 30 ደረጃ ያስፈልገዋልና፣ የኤቪኤል ሕግ ልልነት በከፋ ጊዜ የሚያስከፍለው 12 ደረጃ ነው።

አንድ ቁጥር ሲገባ የሚደረገው ማዞር፣ አንድ ጊዜም ይሁን ሁለት፣ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ምክንያቱ ቅድም ታይቷል፤ ማዞሩ ክፍሉን ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ወደነበረው ቁመት ይመልሰዋል፣ ስለዚህ ከዚያ በላይ ያሉት ኖዶች የሚሰማቸው ለውጥ የለም። ማውጣት ግን ሌላ ነው። ቁጥር ሲወጣ ክፍሉ ያጥራል፣ ማዞሩም ይበልጥ ሊያሳጥረው ይችላል፣ እጥረቱም ወደ ላይ ይተላለፋል። 42 ደረጃ ይዞ በኖድ ብዛት እጅግ ከሳሳው ዛፍ ላይ አንድ ቁጥር ማውጣት በ20 ቦታ ማዞር ሊያስነሣ ይችላል። በማውጣት ጊዜ የልጁ የሚዛን ቁጥር 0 ሆኖም ይገኛል፤ በማስገባት ጊዜ ይህ አይደርስም። ያን ጊዜ አንድ ማዞር በቂ ነው፤ የክፍሉም ቁመት ስለማይቀንስ ፍተሻው እዚያው ያቆማል።

ከ1 እስከ 1,073,741,823 ያሉት ቁጥሮች በተራቸው ወደ ባዶ ኤቪኤል ዛፍ ሲገቡ ውጤቱ በትክክል 30 ደረጃ ያለው፣ አንድም ባዶ ቦታ የሌለው ሙሉ ዛፍ ነው። ማዞር ሳያስፈልጋቸው የሚገቡት 30 ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ በእጥፍ የሚሄዱት። የቀሩት 1,073,741,793 ቁጥሮች እያንዳንዳቸው አንድ የግራ ማዞር ያስከትላሉ። 805,306,368 ሲገባ ማዞሩ ሥሩ ላይ ይደርሳል፤ ሥር የነበረው 268,435,456 ወርዶ 536,870,912 በቦታው ይተካል። በዚያች ቅጽበት ቀደም ሲል 40 እንዳደረገው ከአንዱ ወላጅ ወደ ሌላው የሚዛወሩት ቁጥሮች 268,435,455 ናቸው። ባለ 64 ቢት ኮምፒውተር ላይ አንድ ጠቋሚ 8 ባይት ይይዛል፤ እነዚያን ሁሉ ለማዛወር የሚጻፉት ጠቋሚዎች ሦስት፣ በባይት 24 ናቸው።